ሁለት ሺህ ዶላር ስንት ነው?

(በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የሥራ ጥያቄ ለቀረበላቸው ባለሙያዎች ከተሰጠ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

በአንድ ባንክ የውጭ ሐዋላ ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከደንበኞች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ገንዘቤ ጎድሏል» የሚለው ነው። ሰውየው መስኮቱ ላይ ይቆማል፤ ስልኩን አውጥቶ የዕለቱን የምንዛሪ ተመን ያሳየኛል፤ ደመወዙን በዚያ ያባዛል፤ ከዚያም ሒሳቡ ውስጥ የገባውን ያሳየኛል። ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ገንዘብ አልነበረም። ሰውየው ያባዛበት ተመን ማንም ሰው ደመወዝ የማይቀበልበት ተመን ነበር፤ ያባዛው መጠንም ከላኪው ቤት የወጣው እንጂ እኛ ዘንድ የደረሰው አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ እቆማለሁ። በሥራ ውል ላይ «በወር 2,000 ዶላር» ተብሎ የተጻፈ ደመወዝ በአገር ውስጥ ገንዘብ ሲቆጠር ስንት ነው? ጥያቄው ፊርማ ከመኖሩ በፊት ሊመለስ የሚችል ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚመልሰው ሦስተኛውን ደመወዝ ከተቀበለ በኋላ ነው።

የየትኛውንም አገር ገንዘብ ስም አልጠራም። ለስሌት እንዲመቸን 1 ዶላር በስልካችሁ ላይ 100 የአገር ውስጥ ገንዘብ ሆኖ ይታያል እንበል። ሁላችሁም በልባችሁ አባዝታችኋል፤ 200,000 ወጥቷል። ይህን ቁጥር በወረቀታችሁ ጥግ ላይ ጻፉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ስልኩ ስለሚያሳየው ተመን ላንሳ። በፍለጋ ገጾችና በምንዛሪ ማስያዎች ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ተመን ነው። ባንኮች እርስ በርሳቸው ገንዘብ ሲለዋወጡ አንዱ ልግዛ የሚልበት ዋጋና ሌላው ልሽጥ የሚልበት ዋጋ አለ፤ መካከለኛው ተመን የእነዚህ የሁለቱ አማካይ ነው። ለመረጃ እጅግ ይጠቅማል፤ በዚያ ዋጋ ግን ባንክ ከእናንተ ዶላር አይገዛም። ባንክ በሰሌዳው ላይ ሁለት ዋጋ ይለጥፋል፤ የመግዣና የመሸጫ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «እኔ ገንዘብ እየተቀበልሁ ነው፤ ሻጭ አይደለሁም» ብሎ ስለሚያስብ ነው። ናችሁ። ደመወዛችሁ በዶላር ሲመጣ ዶላሩን ለባንኩ እየሸጣችሁ ነው፤ ገዢው ባንኩ ነው። ስለዚህ የእናንተ ተመን የባንኩ የመግዣ ዋጋ ነው፤ ያም ሁልጊዜ ከሁለቱ ዝቅተኛው ነው። አንዳንድ ባንክ ደግሞ ለጥሬ ገንዘብና በሒሳብ ለሚተላለፍ ገንዘብ የተለያየ ዋጋ ስለሚለጥፍ፣ ሰሌዳው ላይ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ረድፍ የዝውውሩ መሆኑን አረጋግጡ። በምሳሌያችን ባንኩ የሚገዛው በ98 ነው እንበል።

አሁን ወደ መንገዱ እንሂድ፤ ገንዘቡ ከአሠሪው እስከ እናንተ ስለሚሄድበት መንገድ ማለቴ ነው።

ብዙ ሰው ስዊፍት ገንዘብ የሚያጓጉዝ ድርጅት ይመስለዋል። ስዊፍት የሚያመላልሰው መልእክት ነው፤ «ለእገሌ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ትእዛዝ። ገንዘቡ ራሱ ባንኮች እርስ በርስ በከፈቱት ሒሳብ ውስጥ ከአንዱ እየተቀነሰ በሌላው እየተጨመረ ይሄዳል። የአሠሪያችሁ ባንክና የእናንተ ባንክ በቀጥታ ሒሳብ ከሌላቸው፣ በመሐል ሁለቱንም የሚያውቅ ሦስተኛ ባንክ ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም አራተኛ። እነዚህን የመሐል ባንኮች በሙያው ኮረስፖንደንት ባንክ እንላቸዋለን። ውላችሁ ላይ ስማቸው የለም፤ አሠሪያችሁም ላያውቃቸው ይችላል። ሆኖም በነጻ አይሠሩም፤ ድርሻቸውን የሚወስዱትም ብዙ ጊዜ በእጃቸው ከሚያልፈው ገንዘብ ላይ ቀንሰው ነው።

ክፍያውን ማን ይሸከማል የሚለው የሚወሰነው ላኪው ቅጹን ሲሞላ በሚመርጣት ባለ ሦስት ፊደል ኮድ ነው። OUR ከተባለ ወጪውን ሁሉ ላኪው ይችላል። SHA ከተባለ ላኪው የራሱን ባንክ ይከፍላል፤ የቀረው፣ የመሐል ባንኮቹ ጭምር፣ በተቀባዩ ላይ ይወድቃል። BEN ከተባለ ሁሉም ከተቀባዩ ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። ድንበር ተሻጋሪ የክፍያ ትእዛዞች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ወደ አዲሱ የመልእክት ዓይነት ጠቅልለው ከተሸጋገሩ ወዲህ በባንኮች መካከል ያሉት ቃላት DEBT፣ SHAR እና CRED ሆነዋል፤ ትርጉማቸው ግን እንደ ቀድሞው ነው፤ ብዙ የባንክ ገጽም ለደንበኛው የሚያሳየው አሁንም የድሮዎቹን ነው። አሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት SHA ነው። ክፋት አይደለም፤ ቅጹ ላይ አስቀድሞ ተመርጦ የሚመጣው እሱ ስለሆነ ነው።

ምሳሌያችንን እንቀጥል። አሠሪው 2,000 ዶላር በSHA ላከ። አንደኛው የመሐል ባንክ 15 ዶላር፣ ሁለተኛው 10 ዶላር ቀነሱ፤ 1,975 ደረሰ። የእናንተ ባንክ ደግሞ ለመጣ ሐዋላ የአገልግሎት ክፍያ ብሎ 5 ዶላር ወሰደ። የቀረው 1,970 በ98 ተመነዘረ። ስሌቱ ይኸውና፦

```
(2000 - 15 - 10 - 5) × 98 = 193060
193060 ÷ 2000 = 96.53
```

ሁለተኛዋን መስመር ተመልከቱ፤ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር እሷ ውስጥ ነው። እጃችሁ የገባውን የአገር ውስጥ ገንዘብ በውሉ ላይ ለተጻፈው ዶላር ስታካፍሉ የምታገኙት ቁጥር የእናንተ እውነተኛ ተመን ነው። እኔ «የእጅ ተመን» እለዋለሁ፤ የመዝገብ ቃል አይደለም፤ የራሴ አጠራር ነው። ስልኩ 100 ይላል፤ ሰሌዳው 98 ይላል፤ የእጅ ተመናችሁ 96.53 ነው።

ጥግ ላይ ከጻፋችሁት 200,000 ውስጥ 6,940 የለም። በግምት 3 ተኩል በመቶ ነው። ከዚህ ውስጥ 3,000 ያህሉ በግልጽ የተቆረጡት 30 ዶላሮች ናቸው። 3,940 ደግሞ ማንም «ክፍያ» ብሎ ያልጠራው፣ በየትኛውም ማስረጃ ላይ በራሱ መስመር የማይታይ፣ በ100 እና በ98 መካከል ያለ ልዩነት ነው። ደንበኞች ከእኔ ጋር የሚከራከሩት ሁልጊዜ ስለ 5 ዶላሯ ነበር፤ ስለምትታይ። ትልቁ ወጪ ግን ስሙ «ተመን» ስለሆነ በሰላም ያልፍ ነበር። «ያለ ምንም የአገልግሎት ክፍያ እናስተላልፋለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «በስንት ትመነዝራላችሁ?» ብላችሁ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ለአንድ ዓመት ቢቆጠር 6,940 ለ12 ወር 83,280 ይሆናል፤ በእጅ ከሚገባው የአንድ ወር ደመወዝ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ማለት ነው።

ከሁለቱ ወጪዎች አንዱ በመጠን ያድጋል፤ ሌላው አያድግም። የተመን ልዩነቱ በመቶኛ ስለሆነ 500 ዶላርም ተላከ 5,000 ያው 2 በመቶ ነው። የመሐል ባንኮች ቅናሽ ግን በብዛት ቁርጥ ነው። 30 ዶላር ከ2,000 ላይ 1.5 በመቶ ነው፤ ከ500 ላይ 6 በመቶ ነው። በመሆኑም አሠሪው «ደመወዙን በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ግማሹን እልካለሁ» ቢላችሁ ደስ ከማለታችሁ በፊት አስሉ። በወር ሁለት ጊዜ 30 ዶላር ይቆረጣል፤ እጃችሁ የሚገባው ወደ 190,120 ይወርዳል፤ የእጅ ተመናችሁም 95.06 ይሆናል።

ይህን ስል ከአድማጮች አንዷ «ታዲያ ሦስት ወር ተጠራቅሞ ቢላክልኝ አይሻልም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። በሒሳቡ ይሻላል። 6,000 ዶላር አንዴ ሲላክ 30 ዶላር ብቻ ይቆረጣል፤ በሦስት ወር ውስጥ 5,880 የአገር ውስጥ ገንዘብ ትርፍ አለው፤ አንድ በመቶ ያህል። ነገር ግን የመጀመሪያው ወር ደመወዝሽ ሁለት ወር ሙሉ በአሠሪሽ ኪስ ውስጥ ይቆያል፤ በዚያ መሐል ተመኑ ወዴት እንደሚሄድ አታውቂም፤ አሠሪሽም ወዴት እንደሚሄድ አታውቂም። ለአንድ በመቶ ሲባል ለማላውቀው ድርጅት የሦስት ወር ደመወዝ አላበድርም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እሱም ድርብ ምንዛሪ ነው። ውሉ በዩሮ፣ የመቀበያ ሒሳባችሁ በዶላር፣ ወጪያችሁ በአገር ውስጥ ገንዘብ ከሆነ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይመነዘራል። መጀመሪያ ዩሮው ዶላር ይሆናል፤ ማን እንደመነዘረው እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ቀጥሎ ዶላሩ ወደ አገር ውስጥ ገንዘብ ይዞራል። በእያንዳንዱ 2 በመቶ ቢሄድ የሚቀረው 96 በመቶ ገደማ ነው፤ ቁርጥ ክፍያዎቹን ሳንጨምር። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ውሉ በተጻፈበት ገንዘብ የሚቀበል ሒሳብ መክፈት፣ ወይም አሠሪው ሒሳባችሁ ባለበት ገንዘብ ውሉን እንዲጽፍ መጠየቅ። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ የደረሰው መጠን ከተላከው ያነሰው በ15 ወይም በ25 ሳይሆን ድፍን ባልሆነ ሽርፍራፊ ከሆነ፣ መንገድ ላይ የመነዘረ አለ።

እስካሁን የተናገርሁት ተመኑ ቆሞ እንደሚጠብቀን አስመስዬ ነው። አይጠብቅም።

ስለ ተመን መለዋወጥ ሲወራ ሰው ሁሉ ወደ ትንበያ ይሮጣል። እኔ አልተነብይም፤ በሙያው የቆየ ሰው ሁሉ ለምን እንደማይተነብይ ያውቃል። ከትንበያ ይልቅ የሚጠቅመው ተመኑ በምን ዓይነት ጠባይ እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ነው። አንዳንድ ገንዘብ በየቀኑ በጥቂቱ ይወጣል፤ ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ በባለሥልጣን ተይዞ ለወራት ወይም ለዓመታት አይነቃነቅም፤ ከዚያ በአንድ ጠዋት ይዘላል። የግብፅ ፓውንድ እ.ኤ.አ. በማርች 6 ቀን 2024 በአንድ ቀን ውስጥ ለ1 ዶላር ከ31 ገደማ ወደ 50 ተጠግቷል። ከዚያ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ተመኑን የተመለከተ ሰው «የተረጋጋ ነው» ብሎ ሊፈርድ ይችል ነበር። ያለፈው ዓመት ግራፍ ጠፍጣፋ መሆኑ አደጋ የለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተይዞ የቆመ ተመን ከሆነ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ሁልጊዜ ይጨምራል የሚል እምነትም አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ 1 ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይዞት ነበር። በጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ያለ ማስጠንቀቂያ ለቀቀው፤ ዩሮው በዚያው ቀን ወደ 1 ፍራንክ ገደማ ወረደ። አንድ ሰው ስዊዘርላንድ እየኖረ 3,000 ዩሮ ደመወዝ ይቀበል ነበር እንበል። የቤት ኪራዩ በፍራንክ ነው። ትናንት 3,600 ፍራንክ የነበረው ደመወዝ ዛሬ 3,000 ገደማ ሆነ፤ ኪራዩ ግን ያው ነው። በተቃራኒው በፍራንክ እየተከፈለው ጎረቤት አገር የሚኖር ሰው በዩሮ ሲቆጠር ደመወዙ በአንድ ጀንበር አደገ። ቁም ነገሩ ገንዘቡ «ጠንካራ» መሆኑ ላይ አይደለም፤ ደመወዛችሁና ወጪያችሁ በተለያየ ገንዘብ መሆናቸው ላይ ነው።

መቶኛውን ስታሰሉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ተመኑ ከ100 ወደ 125 ቢሄድ በአገር ውስጥ ገንዘብ የሚቆጠረው ደመወዛችሁ 25 በመቶ ይጨምራል። ከ125 ወደ 100 ቢመለስ ግን የሚቀንሰው 20 በመቶ ነው። ጋዜጣው «ገንዘባችን 20 በመቶ ተዳከመ» ሲልና ጓደኛችሁ «ዶላር 25 በመቶ ጨመረ» ሲል ስለ አንድ ነገር እያወሩ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ ጭማሪ የሚደራደሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ በገዛ ቁጥራቸው ተጎድተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የማያየው ጉዳት ግን ተመኑ ሳይንቀሳቀስ የሚመጣው ነው። ተመኑ ለአንድ ዓመት 100 ላይ ቆመ፤ በአገር ውስጥ ያለው ዋጋ ግን በዚያ ዓመት 15 በመቶ ናረ እንበል። 193,060 አሁንም 193,060 ነው፤ የሚገዛው ግን ዓመቱ ሲጀምር 168,000 ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። በአገር ውስጥ ገንዘብ የሚከፈለው ጎረቤታችሁ ምናልባት የደመወዝ ማስተካከያ ተደርጎለት ይሆናል፤ የእናንተ ውል ግን 2,000 ዶላር ላይ ተቸንክሯል። ባለ ዶላሩ ደሀ እየሆነ ሳለ ሁሉም በቅናት ያየዋል። ስለዚህ በውል ዕድሳት ወቅት የምትወስዱት ቁጥር የተመን ለውጡን ብቻ ሳይሆን የዋጋ ንረቱንም የያዘ ይሁን።

አሁን ወደ ውሉ ቃል እንግባ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ነው። «ደመወዙ 2,000 ዶላር ሆኖ በአገር ውስጥ ገንዘብ ይከፈላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሙሉ ይመስላል፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር አልያዘም። በማን ተመን? በመግዣው፣ በመሸጫው ወይስ በመካከለኛው? በየትኛው ቀን? አንድ ዘመዴ እንዲህ ያለ ውል ፈርሞ ነበር። አሠሪው «የቀኑ ተመን» ሲል ውሉ የተፈረመበትን ቀን ማለቱ እንደሆነ የታወቀው ተመኑ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። በእኛ ምሳሌ ቁጥር ብናስቀምጠው፣ ተመኑ ወደ 112 ሲደርስ በፊርማው ቀን ተመን የሚከፈለው 200,000 ላይ ይቆማል፤ በክፍያው ቀን ተመን ቢሆን 224,000 ነበር። ሁለቱም ወገን ውሉን እየጠቀሰ ይከራከራል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ምክንያቱም ውሉ ምንም አላለም። «ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን የእገሌ ባንክ ለዝውውር በለጠፈው የመግዣ ዋጋ» የሚል አንድ ሐረግ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሐረጉ ሁልጊዜ ትርፍ ያመጣል ማለቴ አይደለም፤ ተመኑ ቢወርድ ጉዳቱ የእናንተ ነው። ቢያንስ ግን የፈረማችሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን ሁሉንም ይዘን ወደ ዋናው ውሳኔ እንሂድ። ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ሁለት አማራጭ አለ፤ አንዱ የውጭ፣ አንዱ የአገር ውስጥ። የአገር ውስጡ በወር የተጣራ 175,000 ነው እንበል። በስልኩ ተመን ብታወዳድሩ የውጭው በ25,000 ይበልጣል። በእጅ ተመን ብታወዳድሩ ልዩነቱ 18,060 ነው። አሁንም የውጭው ይበልጣል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ተመኑ እስከ ስንት ቢወርድ እንደሚተካከሉ ነው። ስሌቱ አጭር ነው፤ 175,000ን ለ1,970 ስታካፍሉ 88.83 ይወጣል፤ የመግዣ ዋጋው ከዚህ በታች ከወረደ የአገር ውስጡ ይሻላል። የባንኩ ልዩነት 2 በመቶ ሆኖ ከቀጠለ ይህ በስልካችሁ ላይ 90.64 ሆኖ ይታያል። ከ100 ወደ 90.64 ለመውረድ ረጅም መንገድ ነው፤ ልባችሁ ሊያርፍ ይችላል።

ገና ነው። የአገር ውስጡ አሠሪ በስማችሁ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል፤ የሕክምና ሽፋን አለው፤ በዓመት ፈቃድ ላይ ስትሆኑም ደመወዝ ይሰጣል። የውጭው ብዙ ጊዜ እንደ ግል ተቋራጭ ነው የሚያያችሁ፤ ካልሠራችሁ አይከፍልም፤ ግብሩንም ራሳችሁ ናችሁ የምታስታውቁት። ግብሩን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ሌላውን ጥቅም ብቻ ከደመወዙ 10 በመቶ ነው ብንለው፣ 175,000 በእውነት 192,500 ነው። ከ193,060 ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱ 560 ነው። የመተካከያው ተመንም ወደ 97.72 የመግዣ ዋጋ ከፍ ይላል፤ በስልክ ላይ 99.71 ማለት ነው። ስልኩ 29 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ባሳየበት ቀን ውድድሩ አለቀ። በጥግ ላይ የጻፋችሁት 200,000 እና የአገር ውስጡ 175,000 ፊት ለፊት ሲታዩ ማን እንዲህ ይጠብቃል? ግብሩ ሲገባበት ደግሞ ወደ የትኛው እንደሚያደላ በየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ የተጣራን ከተጣራ ጋር ካላወዳደራችሁ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ለማረጋገጫ የሚሆን ሌላም መንገድ አለ። ያለፉትን 24 ወራት የደመወዝ ቀን ተመን አውጡ፤ የሌላውን ሰው ሳይሆን የባንካችሁን የመግዣ ዋጋ። በእያንዳንዱ ወር 2,000 ዶላሩ ስንት ይሆን እንደነበር አስሉና ከሁሉ ዝቅተኛውን ወር ለዩ። የቤት ኪራይና ቋሚ ወጪያችሁን ያ ወር የሚችለው ከሆነ ሥራውን በሰላም ልትይዙ ትችላላችሁ። አማካዩ ብቻ የሚችለው ከሆነ በመጥፎው ወር ትበደራላችሁ። እኔ በጀት የምይዘው በዝቅተኛው ወር ነው፤ ባለቤቴ ፈሪ ይለኛል።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ «እኔ ሥራውን ጀምሬአለሁ፤ ከ2,000 ዶላር 1,970 ነው የሚደርሰኝ፤ አሠሪዬ ደግሞ ሙሉውን ልኬአለሁ ይላል፤ ባንኬም የቀነስሁት 5 ዶላር ብቻ ነው ይላል፤ ማንን ልመን?» አለኝ። ሁለቱንም እመን አልሁት፤ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉና። ከአሠሪህ የክፍያውን መልእክት ቅጂ ጠይቅ፤ ከባንክህም የደረሰውን ቅጂ ጠይቅ። በቀድሞው MT103 በሚባለው ቅጂ ላይ 33B በሚለው ረድፍ የታዘዘው መጠን፣ 32A በሚለው በባንኮች መካከል የተላለፈው መጠን፣ 71A በሚለው ክፍያውን ማን እንደሚሸከም፣ 71F በሚለው ደግሞ መንገድ ላይ የተቀነሰው ይታያል። በአዲሱ ዓይነትም እነዚሁ መረጃዎች በሌላ ስም አሉ። ቅጂው ላይ UETR የሚባል 36 ምልክቶች ያሉት መለያ ቁጥርም አለ፤ በእሱ ባንኩ ገንዘቡ የትኛው ባንክ ጋ እንደደረሰና የት እንደተቀነሰ ሊከታተል ይችላል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣቱ ደወለልኝ። 33B ላይ 2,000፣ 32A ላይ 1,975፣ 71A ላይ SHA ተጽፎ አገኘ። ለአሠሪው የሒሳብ ክፍል ጽፎ በሚቀጥለው ወር OUR እንዲመርጡ ጠየቃቸው። እምቢ አላሉም፤ እንዲህ ያለ ምርጫ መኖሩን እንኳ አላስተዋሉም ነበር። OUR ተብሎም አልፎ አልፎ የመሐል ባንክ ሊቀንስ ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍያዎች እንዲመለከት ነግሬው ነበር፤ ሁለቱም ሙሉ ደርሰዋል። ባንኩ 5 ዶላሯን ወስዶ 1,995 ቀርቶለታል። በእኛ ምሳሌ ተመን 195,510 ነው፤ የእጅ ተመኑ ከ96.53 ወደ 97.755 ወጣ ማለት ነው። አሁን የሚከራከረው ከባንኩ ጋር ነው፤ ስለ 98ቱ።